አንድ ስላይድ፣ አንድ ድርጊት፦ የቴሌግራም ፓስወርድ ካሮሴልን እንዴት እንደምሠራ

ኢንስታግራም ላይ የስልክ አጠቃቀምን በአማርኛ የሚያሳዩ ካሮሴሎችን፣ ማለትም በአንድ ፖስት ውስጥ እያንሸራተቱ የሚያዩአቸውን ተከታታይ ስላይዶች፣ እሠራለሁ። በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ ስለ ቴሌግራም አካውንት መሰረቅ ነው። ሌባው የሚያውቁት ሰው መስሎ ይጽፍና በስልካቸው የሚደርሳቸውን የመግቢያ ኮድ ያስልካቸዋል፤ በዚያች ኮድ ብቻ አካውንቱ ውስጥ ይገባል። Two-Step Verification የሚባለው ተጨማሪ ፓስወርድ ከበራ ግን ኮዱ በእጁ ቢሆንም ፓስወርዱን ይጠየቃል። ቴሌግራም ይህን አገልግሎት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው፤ በዙሪያዬ ካሉት ሰዎች ግን አብዛኞቹ አላበሩትም። አላበሩትም ማለት አልሰሙም ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ስለ እሱ የሚያስተምር ፖስት አይተዋል፣ ላይክም አድርገዋል፤ ሥራውን ግን እስከ ዳር አላደረሱትም። የሚያቆማቸው የስላይዶቹ አከፋፈል መሆኑን ደጋግሜ ስላየሁ፣ ይህን አንድ ካሮሴል ይዤ አከፋፈሉን ላሳያችሁ።

በመጀመሪያ የአንባቢውን ሁኔታ አስቡት። በአብዛኛው ያለው ስልክ አንድ ነው። ካሮሴሉን የሚያነበው በዚያ ስልክ ነው፣ ሥራውን የሚሠራውም በዚያው ነው። ስለዚህ አንድ ስላይድ ያነብና ኢንስታግራምን ትቶ ቴሌግራምን ይከፍታል፤ ያነበበውን ያደርጋል፤ ተመልሶ ቀጣዩን ያነብባል። በመካከል ስላይዱ ከፊቱ የለም፤ በአእምሮው የያዘው ብቻ ነው ያለው። አንድ ስላይድ ላይ ሦስት ነገር ካዘዛችሁት ሁለተኛውን ሲሠራ ሦስተኛው ይጠፋዋል፣ ለማየት ይመለሳል፣ ሲመለስ ደግሞ ቴሌግራም ላይ የት እንደነበር ይረሳል። የማስታወስ ችሎታው ዝቅተኛ በሆነ ስልክ ላይ ደግሞ ኢንስታግራም ራሱ እንደ አዲስ ይከፈትና ፖስቱ ከዓይን ይሰወራል። አንድ ስላይድ አንድ ድርጊት ብቻ እንዲይዝ የምለው ለውበት ብዬ አይደለም፤ ሰው በጭንቅላቱ ይዞ ወደ ሌላ መተግበሪያ መሻገር የሚችለው ያንን ያህል ስለሆነ ነው።

ታዲያ አንድ ድርጊት የሚባለው ምን ያህል ነው? አንድ ጊዜ መንካት ነው ብንል ስላይዱ ሠላሳ ይሞላል። እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ምልክቱ ነው፦ አንድ ድርጊት ማለት ሰውየው ሠርቶ ሲጨርስ ስክሪኑ ላይ የሚለወጥ፣ ‹‹አዎ፣ ደርሻለሁ›› የሚያሰኘው አንድ ግልጽ ነገር የሚታይበት ሥራ ነው። ፓስወርድ መጻፍ ብዙ ፊደል መንካት ቢሆንም አንድ ድርጊት ነው፤ መጨረሻው ላይ አዲስ ገጽ ይመጣል። ‹‹ሴቲንግን በደንብ ይዩት›› የሚለው ግን ድርጊት አይደለም፤ ማየቱን ሲጨርስ ምንም የሚለወጥ ነገር የለም። ስለዚህ እያንዳንዱን ስላይድ ስጽፍ ሁለት መስመር እጽፋለሁ። ከላይ ትእዛዙ፣ ከታች አነስ ባለ ፊደል ‹‹ይህን ያያሉ›› የሚለው። የታችኛውን መስመር መጻፍ ካቃተኝ ስላይዱ ድርጊት የለውም ማለት ነው። ሁለት ‹‹ያያሉ›› ከመጣብኝ ደግሞ ሁለት ድርጊት አጭቄበታለሁ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አማርኛችን የራሱ ወጥመድ አለው። ‹‹ቴሌግራምን ከፍተው፣ ሴቲንግ ውስጥ ገብተው፣ Privacy and Security የሚለውን ነክተው ፓስወርድ ይፍጠሩ›› የሚለውን አንብቡ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፣ ማሰሪያ አንቀጹም አንድ ነው፤ ስለዚህ ለዓይን አንድ ትእዛዝ ይመስላል። በውስጡ ግን አራት ሥራ አለ። ከፍተው፣ ገብተው፣ ነክተው እያሉ የሚሰካኩት ግሶች እያንዳንዳቸው የአንድ ስላይድ ባለቤት ናቸው። ረቂቁን ስጨርስ ወደ ኋላ ተመልሼ እንዲህ ያሉትን ግሶች እየፈለግሁ አሰምርባቸዋለሁ። አንዱን ባገኘሁ ቁጥር የምጠይቀው፣ ይህ ሥራ ሲያልቅ የራሱ የሆነ የሚታይ ምልክት አለው ወይ ብዬ ነው። ካለው ተነጥሎ የራሱን ስላይድ ያገኛል። ከሌለው፣ ለምሳሌ ‹‹ወደ ታች ወርደው ይህን ይንኩ›› ሲባል መውረዱ የሚፈለገውን ጽሑፍ ለማግኘት ብቻ ከሆነ፣ እዚያው ይቀመጣል። ‹‹እና›› እና ‹‹ከዚያም›› ራሳቸውን ስለሚያሳዩ አያስቸግሩም፤ አምልጠው የሚያልፉት እነዚህ ሥር ለሥር የሚሄዱት ናቸው።

ትእዛዙን የማቀርበው በአንቱታ ነው፦ ይንኩ፣ ይጻፉ፣ ያረጋግጡ። ንካ ወይም ንኪ ብል ግማሹን አንባቢ እተዋለሁ። ይህን ካሮሴል ደግሞ ልጆች ለእናትና አባታቸው ይልኩታል፤ አባትን ‹‹ንካ›› የሚል ስላይድ መላክ የሚከብደው ብዙ ሰው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ እንግባ። የምጀምረው ንድፉን በመክፈት አይደለም። ፓስወርድ ያልተበጀለትን የቴሌግራም አካውንት ይዤ ሥራውን ራሴ ከዳር እስከ ዳር እሠራና ስክሪኑ በተለወጠ ቁጥር ስክሪንሾት አነሣለሁ። የተነሡት ስክሪንሾቶች በቅደም ተከተል ሲደረደሩ አጥንቱ ይኸው ይታያል። እኔ በያዝኩት አንድሮይድ ላይ መንገዱ እንዲህ ነው፦ ቴሌግራም ተከፍቶ ከላይ በግራ ያሉት ሦስት መስመሮች፣ ቀጥሎ Settings፣ ቀጥሎ Privacy and Security፣ ቀጥሎ Two-Step Verification፣ ከዚያ ፓስወርድ ፍጠር የሚለው ቁልፍ። ቀጥሎ ፓስወርዱን መጻፍ፣ ያንኑ መድገም፣ ማስታወሻ የሚሆን ፍንጭ መጻፍ፣ የመጠባበቂያ ኢሜይል ማስገባት፣ በመጨረሻም በኢሜይል የመጣውን ኮድ መጻፍ።

ይህን መንገድ እንዳለ ስላይድ ብታደርጉት ሰዎች የሚወድቁበት ቦታ መጨረሻው አካባቢ ነው። የመጠባበቂያ ኢሜይል የሚጠየቀው ፓስወርዱ ተጽፎ፣ ፍንጩም ተሰጥቶ ካለቀ በኋላ ነው። ብዙ ሰው ደግሞ ኢሜይል ቢኖረውም ስልኩ ሲገዛ ባለሱቁ የከፈተለት ነው፤ ስሙን እንኳ አያውቀውም። እዚያ ሲደርስ ሁለት ምርጫ አለው፦ ትቶ መውጣት ወይም Skip ማለት። Skip ያለ ሰው ፓስወርዱን የረሳ ቀን ወደ አካውንቱ መመለስ እጅግ ይከብደዋል። ይህን ስላይድ ላይ ‹‹ኢሜይል ከሌለዎት እንዲህ ያድርጉ፣ ካለዎት እንዲያ›› ብሎ ማስተናገድ አይቻልም። ‹‹ከሆነ›› የሚል ቃል በገባበት ስላይድ ላይ ሁለት መንገድ ይከፈታል፤ ካሮሴል ግን ወደ ፊት ብቻ የሚሄድ ነገር ነው፣ አንባቢውን ወደ ሁለት አቅጣጫ የምንልክበት መላ የለውም።

መፍትሔው ሁኔታውን ወደ መጀመሪያ አምጥቶ ድርጊት ማድረግ ነው። ሁለተኛው ስላይዴ እንዲህ ይላል፦ ‹‹ስልክዎ ላይ ያለውን ኢሜይል ይክፈቱ።›› ከሥሩ፣ ‹‹የመጡልዎትን መልእክቶች ያያሉ››። ይኸው ነው። ኢሜይሉ የተከፈተለት ሰው ይቀጥላል፤ አድራሻውንም በዚያው ዓይቶታል። ያልተከፈተለት ሰው ችግሩን ገና ምንም ሳይነካ አወቀው፤ ኢሜይሉን አስተካክሎ ሌላ ቀን ይመለሳል። ሦስተኛው ስላይድም ከዚሁ ወገን ነው፦ ‹‹የሚጠቀሙበትን ፓስወርድ በወረቀት ላይ ይጻፉ።›› ፓስወርድ ማሰብና ፓስወርድ መተየብ ሁለት ሥራ ናቸው። ሰዎች ሳጥኑ ፊት ቆመው ሲያስቡ ወይ የስልክ ቁጥራቸውን ይጽፋሉ ወይም ያስገቡትን ወዲያው ይረሱታል። ማሰቡን አስቀድሞ በወረቀት ላይ መጨረስ በኋላ የሚመጡትን ሁለት ስላይዶች ቀላል ያደርጋቸዋል፤ እዚያ የሚቀረው ከወረቀት መገልበጥ ብቻ ነው።

ስለ ሽፋኑ የሚከራከሩኝ አሉ። ሽፋን ርእስ ብቻ ይያዝ ይላሉ። እኔ ሽፋኑም ድርጊት እንዲኖረው እፈልጋለሁ፣ በተለይ በእንዲህ ያለ ሥራ ላይ። አንባቢው ወደ ቴሌግራም ሄዶ ሲመለስ ፖስቱ ሊጠፋው እንደሚችል ከላይ ተናግሬአለሁ። ስለዚህ ሽፋኔ ላይ በትልቁ ‹‹ቴሌግራምዎን በፓስወርድ ይቆልፉ›› ይልና ከሥሩ አንድ ትእዛዝ ብቻ አለ፦ ‹‹መጀመሪያ ይህን ፖስት ሴቭ ያድርጉ።›› ምልክቱን ሥዬ አሳያለሁ። ያንን ያደረገ ሰው ቢጠፋው እንኳ ከሴቭ ውስጥ ያገኘዋል። ከዚያ ሲከፍተው ከሽፋኑ ሊጀምርበት ስለሚችል የት እንደነበር የሚያገኘው በቁጥር ነው፤ በየስላይዱ ጥግ ላይ 7/13 እያልኩ በደንብ በሚታይ መጠን የምጽፈው ለዚህ ነው።

ከቁጥሩ ጎን በየስላይዱ አናት ላይ የካሮሴሉን አጭር ርእስ እደግማለሁ። ኢንስታግራም አንድ ሰው ሽፋኑን ዓይቶ ሳያንሸራትት ካለፈ፣ ሌላ ጊዜ ያንኑ ፖስት ከሁለተኛው ስላይድ ጀምሮ ሊያሳየው ይችላል። የእኔ ሁለተኛ ስላይድ ‹‹ኢሜይልዎን ይክፈቱ›› የሚል ስለሆነ፣ አናቱ ላይ ርእሱ ከሌለ ከምን ጋር እንደሚያያዝ ማንም አይገባውም።

ማስጠንቀቂያና ማብራሪያ የት ይግቡ? ይህ ብዙ ካሮሴል የሚያበላሽ ነገር ነው። ስለ ስርቆቱ የሚተርክ አንድ ስላይድ፣ ስለ ፓስወርድ ጥቅም አንድ ስላይድ፣ ‹‹ኮድዎን ለማንም አይስጡ›› የሚል አንድ ስላይድ ሲገባ፣ አንባቢው ምንም ሳያደርግ ማንሸራተትን ይለምዳል። ከዚያ ትእዛዝ ያለበት ስላይድ ሲመጣም እንደ ቀደሙት አንሸራትቶት ያልፋል። ስለዚህ የምለየው እንዲህ ነው፦ ማስጠንቀቂያው የእጁን ሥራ የሚለውጥ ከሆነ እዚያው ድርጊቱ ስላይድ ላይ ከትእዛዙ በላይ ይገባል። ለምሳሌ የፍንጩ ስላይድ ላይ ትእዛዙ ‹‹ለእርስዎ ብቻ የሚገባ ፍንጭ ይጻፉ›› ነው፤ ከበላዩ ‹‹ፍንጩን ሌላ ሰውም ሊያየው ይችላል›› የሚል አጭር መስመር አለ፤ ምክንያቱም ያንን ያወቀ ሰው የሚጽፈው ነገር ይለያል። የእጁን ሥራ የማይለውጥ ሁሉ፣ ለምን እንደሚጠቅም፣ ሌባው እንዴት እንደሚያታልል፣ ከፖስቱ ሥር ባለው ጽሑፍ ውስጥ ይገባል። እዚያ የፈለግሁትን ያህል እተርካለሁ።

ስክሪንሾቶቹን በሚመለከት አንድ ነገር ልብ በሉ። የቴሌግራም Settings ገጽ አናቱ ላይ የስልክ ቁጥርና ስም ያሳያል። ደብዘዝ አድርጎ ማለፍ አይበቃም፤ በደማቅ ቀለም ሙሉ በሙሉ ሸፍኑት። ምስሉን ስቆርጠው ደግሞ የሚነካውን ቦታ ብቻ አላወጣም። አንድ ቁልፍ ብቻውን ተቆርጦ ሲታይ ስክሪኑ ላይ የት እንዳለ ስለማይታወቅ፣ ከላዩና ከታቹ ያሉትን መስመሮች ጭምር አስቀራለሁ። አንድ ክብ፣ አንድ ቦታ ላይ፤ ሁለት ክብ ካስፈለገኝ ድርጊቱ ሁለት ነው። በ1080 በ1350 ፒክስል ሸራ ላይ የትእዛዙን ፊደል ከ60 በታች አላወርደውም። የእኛ ፊደል ልዩነቱ በትናንሽ ቅጥያዎች ስለሆነ ሲያንስ ‹‹ቡ›› እና ‹‹ቢ›› ይመሳሰላሉ፤ ትእዛዙ በዚያ መጠን አልበቃ ካለኝ ፊደሉን ሳይሆን ቃላቱን ነው የምቀንሰው።

የእንግሊዝኛ ቁልፎችን ስም አልተረጉምም፤ ስክሪኑ ላይ እንዳለው Privacy and Security ብዬ እጽፍና ከጎኑ ያለውን የጓጉንቸር ሥዕል እጠቁማለሁ። እንግሊዝኛ ማንበብ የማይችል ሰው ሥዕሉን ይፈልጋል፣ የሚችል ቃሉን ይፈልጋል። እንደ ስልኩና እንደ ሥሪቱ የአንዳንዱ ቁልፍ ስም ይለያያል፤ አንዱ ላይ Set Password የሚለው ሌላው ላይ Set Additional Password ሊል ይችላል። አይፎን ላይ ደግሞ ሴቲንግ የሚገኘው ከታች በቀኝ ነው። ሁለቱን ስልኮች በአንድ ስላይድ ላይ ማስተናገድ ያው ‹‹ከሆነ›› የሚለውን በር መክፈት ስለሆነ፣ ለአይፎን ሌላ ካሮሴል እሠራለሁ፤ ሽፋኑም ላይ ‹‹ለአንድሮይድ›› ወይም ‹‹ለአይፎን›› ብዬ በግልጽ እጽፋለሁ።

ፖስት ከመደረጉ በፊት የምሠራው ፈተና ከሁሉም በላይ የሚያስተምረኝ ነው። ሥራውን ሠርቶት የማያውቅ ሰው እፈልግና ካሮሴሉን ስልኩ ላይ ልኬለት አጠገቡ እቀመጣለሁ። አልናገርም። የማየው አውራ ጣቱን ነው። ወደ ኋላ ያንሸራተተበት ቦታ ካለ፣ ያ ስላይድ ከሚችለው በላይ አስይዞታል፤ ወይ ሁለት ድርጊት አለበት ወይም ‹‹ይህን ያያሉ›› የሚለው መስመር አላስተማመነውም። ወደ ቴሌግራም ሳይሄድ ወደ ፊት ያንሸራተተው ስላይድ ደግሞ ድርጊት የለውም፣ ወይም ያለው ድርጊት ለእሱ ምክር መስሎታል።

ይህን ካሮሴል ከፈተኑልኝ አንዷ ጎረቤታችን የሆኑ እናት ናቸው። ያኔ ፓስወርድ መጻፍና መድገም አንድ ስላይድ ላይ ነበሩ፤ የሚጻፈው ያው ስለሆነ መለየቱ ትርፍ መስሎ ይታያል። ፓስወርዱን ከወረቀቱ እየገለበጡ ጻፉና ቀጣዩን ቁልፍ ነኩ። ቴሌግራም Re-enter ብሎ እንደገና ጠየቃቸው። ስልኩን ወደ እኔ አዙረው፣ ‹‹ልጄ፣ ይሄ ነገር አልተቀበለኝም መሰለኝ፤ መልሶ ይጠይቀኛል›› አሉኝ።

‹‹እትዬ፣ ስላይዱ ምን ይላል?›› አልኳቸው።

‹‹ጻፉ ይላል። ጻፍኩ እኮ!››

ትክክል ነበሩ። በእጃቸው የሚሠሩት ሥራ አንድ ዓይነት ቢሆንም ስክሪኑ ላይ የሚመጣው ምልክት ሁለት ነው፤ ሁለተኛው ምልክት ደግሞ የስሕተት መልእክት ይመስላል። ስለዚህ ስምንተኛው ስላይድ ‹‹ፓስወርዱን ይጻፉ›› ሆነ፤ ከሥሩ ‹‹ፓስወርዱን ድገሙ የሚል ገጽ ያያሉ››። ዘጠነኛው ‹‹ያንኑ ፓስወርድ ይድገሙ›› ሆነ፤ ከሥሩ ‹‹ፍንጭ የሚጠይቅ ገጽ ያያሉ››። ከዚያ ወዲህ እዚያ ቦታ ላይ የሚቆም ሰው አላየሁም።

በተቃራኒው የሚዋሃዱም አሉ። Two-Step Verification የሚለውን መንካትና ቀጥሎ የሚመጣውን ፓስወርድ ፍጠር የሚል ቁልፍ መንካት ሁለት ናቸው። በመካከላቸው ያለው ገጽ ላይ ግን ከአንዱ ትልቅ ቁልፍ በቀር የሚነካ ነገር ስለሌለ ማንም አይሳሳትበትም። አንድ ስላይድ ላይ አስቀመጥኳቸው፤ ምልክቱም ‹‹ፓስወርድ የሚጻፍበት ባዶ ቦታ ያያሉ›› ነው። ሦስቱ መስመሮችና Settings ግን ተለያይተው ቀሩ፤ ሦስቱን መስመሮች ነክቶ የሚወጣው ዝርዝር ረጅም ስለሆነ ዓይን ይባዝናል።

የኢሜይሉ ኮድ ስላይድ ከሁሉም አስቸጋሪው ነው፤ አንባቢው ከኢንስታግራም፣ ከቴሌግራምና ከኢሜይል መካከል ይመላለሳል። እዚህ ላይ ያለው መላ ኮዱን ማየትና ኮዱን መጻፍ በሁለት ስላይድ ሳይከፍሉ፣ ትእዛዙን በቁጥሩ ላይ ማሰር ነው፦ ‹‹በኢሜይል የመጣልዎትን ቁጥር ቴሌግራም ላይ ይጻፉ።›› ከላዩ ‹‹ካላዩት Spam ውስጥ ይፈልጉ›› የሚል መስመር አለ። ኮዱን ዓይቶ ወደ ኢንስታግራም የሚመለስ ሰው በመንገድ ላይ ቁጥሩን ይረሳዋል፤ ስለዚህ ከኢሜይል በቀጥታ ወደ ቴሌግራም እንዲሻገር ስላይዱ ራሱ ይዞት መሄድ አለበት።

የመጨረሻው፣ 13ኛው ስላይድ አብዛኛው ሰው ምስጋና ወይም ‹‹ይከተሉን›› የሚጽፍበት ነው። እኔ እዚያ ላይ ማረጋገጫውን አደርጋለሁ፦ ‹‹ወደ Privacy and Security ይመለሱ።›› ከሥሩ፣ ‹‹ከ Two-Step Verification ጎን On የሚል ያያሉ››። Off የሚል ያየ ሰው ኢሜይሉ ጋ ሳይጨርስ መውጣቱን በዚያው ያውቀዋል።

ከወጣ በኋላ የአንዱን ስላይድ ምስል በሌላ ምስል መተካት ስለማይቻል፣ ቴሌግራም የአንድ ቁልፍ ቦታ ሲለውጥ ማስተካከያውን ከሥር ባለው ጽሑፍ ላይ ‹‹5ኛው ስላይድ ላይ›› ብዬ በቁጥሩ እጠራዋለሁ። ለውጡ ከአንድ ስላይድ በላይ ከነካ ግን ጽሑፉ ስለማይበቃ እንደ አዲስ እሠራዋለሁ።

ይህንኑ ካሮሴል በቴሌግራም ቻናል ለምታወጡት ደግሞ፣ ቴሌግራም በአንድ ጊዜ አሰባስቦ የሚያወጣው እስከ 10 ምስል ብቻ ነው፤ ኢንስታግራም ግን እስከ 20 ይቀበላል። አሥራ ሦስቱን ዝም ብላችሁ ስትልኩ ፍንጩ ስላይድ ላይ ይቆረጥና ሦስቱ ለብቻቸው ይወርዳሉ። እኔ የምቆርጠው ከሦስተኛው በኋላ ነው፦ መጀመሪያ ሽፋኑ፣ ኢሜይሉና ወረቀቱ በአንድ ላይ፤ ቀጥሎ ቴሌግራም ውስጥ የሚሠሩት አሥሩ በአንድ ላይ። ተሰባስበው የወጡ ምስሎች እዚያ ላይ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ሆነው ስለሚደረደሩ ቅደም ተከተላቸው በዓይን አይለይም፤ በዚህ ምክንያት ለቻናል የማወጣው ቅጂ ላይ የስላይዱን ቁጥር ከጥግ አንሥቼ ከትእዛዙ በላይ በትልቁ አስቀምጠዋለሁ።